በበርበሬ የታወቀ ስም ማር ላይ ሲለጠፍ

ደሴ ውስጥ የቤታችን ስም የሚታወቀው በበርበሬ ነው። እናቴ ዛላውን አስቀንጥሳ፣ ቀምማና አስፈጭታ በኪሎ መሸጥ ስትጀምር ስያሜም ማሸጊያም አልነበረውም። ሰው "የእትዬ በርበሬ" እያለ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ አደረሰው፤ ቀዩ ላስቲክና አርማው ኋላ የመጡ ናቸው። አሁን ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ። ስሙ ከታወቀ ወዲህ ምክሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፦ "ስም አላችሁ፣ ለምን አትጠቀሙበትም?" ኮምቦልቻ ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርት ዘመድ "ሥራው የእኔ ይሁን፣ እናንተ አርማውን ብቻ ስጡኝ" አለ። አጎቴ ማር ካልገባን ብሎ ያዘኝ። ቅቤ ያሉም ነበሩ።

ለማንም እሺ ከማለቴ በፊት ስሙ በገዢው ልብ ውስጥ ምን እንደሆነ ማጣራት ፈለግሁ። "በርበሬያችንን ለምን ወደድሽው?" ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ የሚመጣው ምስጋና ነው፣ ወሎዬ ደግሞ ፊት ለፊት አያስቀይምም። ስለዚህ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ላስቲኩን የያዙ ሴቶችን "ይኼ ከገበያ ቢጠፋ ምን ትገዣለሽ?" አልኳቸው። የሌላ እሽግ ስም ይጠራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ብዙዎቹ ያሉኝ "ዛላ ገዝቼ ራሴ አዘጋጃለሁ" ነው። ለምን ስላቸው መልሱ ሸክላ ነው፤ ገበያ ላይ ተፈጭቶ የሚሸጠው ባዕድ ነገር ይቀላቀልበታል የሚለው ስጋት። ተፎካካሪያችን ሌላ ድርጅት ሳይሆን የገዢዋ የራሷ እጅ ኖሯል። ስሙ ለእሷ "በርበሬ" ማለትም "የሚያቃጥል" ማለትም አይደለም፤ "እኔ ራሴ ባዘጋጀው እንደማልቀላቅለው ሁሉ እነሱም አይቀላቅሉም" ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ስም ወደ ሌላ ምርት ሲሻገር አብሮት የሚሻገረው የገባው ቃል ነው፤ ምርቱ ራሱ ባለበት ይቀራል። ሁላችንም ተማሪ ቤት የጻፍንበትን ቢክ እስክርቢቶ ውሰዱ። ኩባንያው ከእስክርቢቶ ወደ ላይተር፣ ከላይተር ወደ ጢም መላጫ ሄደ፤ ሦስቱ ዕቃዎች ምንም አይገናኙም፣ ቃላቸው ግን አንድ ነው፦ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ሲያልቅ ትጥለዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1989 በዚያው ስም ሽቶ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲያወጣ ግን ከሰረ። ሽቶ የሚገዛ ሰው ርካሽነትንና ተጥሎ የሚቀር ነገርን አይፈልግም። እስክርቢቶው ግን ምንም አልሆነም፤ ዛሬም ይሸጣል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሳሙናውን ቶሎ ዘጋሁት። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው፦ የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በዕቃ ምድብ ነው። በዓለም አቀፉ አመዳደብ ቅመም፣ ዱቄትና ማር 30ኛው ምድብ ውስጥ ሲሆኑ ሳሙና 3ኛው ውስጥ ነው፤ ለበርበሬ ያስመዘገብነው ለሳሙና አይሠራም። ማርም ቢሆን ምድቡ አንድ ስለሆነ ብቻ አይሸፈንም፣ በማመልከቻው ላይ በዝርዝር መጠቀስ አለበት። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ሳሙና ላይ "አልተቀላቀለም" የሚለውን ቃል የሚፈልገው ሰው አለመኖሩ ነው።

ማር ግን ከቃሉ ጋር ልክክ ይላል። ማር የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው "ስኳር የለበትም?" ነው። አጎቴም "እንግዲህ ምን ቀረሽ?" አለኝ። የቀረኝ ስጋት ከዚሁ መግጠም የመጣ ነበር። የሩቅ ምርት ሲበላሽ፣ እንደ ቢክ ሽቶ፣ ሰው ስቆ ያልፋል፤ "ሳሙና የእነሱ ሥራ አይደለም" ይልና በርበሬውን መግዛቱን ይቀጥላል። በዚያው ቃል የተሸጠ የቅርብ ምርት ሲጠረጠር ግን ጥርጣሬው ወደ ኋላ ይሄዳል። ማሩ ስኳር አለበት ከተባለ፣ በርበሬው ሸክላ የለበትም የሚለውን ማን ያምናል? በተሻለ የሚገጥመው ምርት በተሻለ ያቆስላል።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርነው ከግዢው ነው። በርበሬ ላይ ዛላውን እናያለን፣ እንቀነጥሳለን፣ ራሳችን እንፈጫለን። ማር ግን በሰብሳቢ እጅ፣ በባልዲ ነው የሚመጣው። ሪፍራክቶሜትር ገዛሁ፤ አንድ ጠብታ አድርገህ በብርሃን ስታይበት የውኃውን መጠን ይነግርሃል። ውኃው ከ20 በመቶ ካለፈ ማሩ የመቡካት አደጋ አለው፦ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል፣ ክዳኑ ይነፋል። ይህ መሣሪያ የማይነግርህ ዋናውን ነገር ነው። በደንብ የተቀቀለ ስኳር የገባበት ማር ውኃው ልክ ሆኖ ያልፍልሃል። ስለዚህ ቀድሞ የተጣራ ማር መግዛት ትተን ከንብ አናቢው ከነሰፈፉ ገዝተን ራሳችን ማጣራት ያዝን። እንዲህ ሲሆን በቤታችን ስም የምንምለው ባየነው ነገር ነው። ኪሳራው መጠኑ ነው፦ የሚገኘው በአብዛኛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፣ ከሰፈፉ የሚወጣው ማርም ከባልዲው ያነሰ ነው።

ሙከራውን ሆን ብዬ በትንሹ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ጥቂት ሱቆች፣ የቤቱን አርማ በትልቁ ለጥፌ አደረግሁት። የሚመጣው ጥርጣሬ ከየት እንደሚነሳ ማየት ፈልጌ ነው። ማሩ ቡናማ፣ ፈሳሽ፣ በሚያሳይ ብልቃጥ የታሸገ ነበር። ኮምቦልቻ ያለው እንደገባ ቆየ። ደሴ ያለው ግን ከታች ጀምሮ መርጋት ያዘ፤ ከሥር ነጭ ጥራጥሬ፣ ከላይ ቀጭን ፈሳሽ። ምክንያቱ ብርዱ ነው። ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ የሚረጋው 14 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በፍጥነት ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ፤ አንድ ዓይነት ማር ቁልቁል ወርዶ ሌላ መልክ ይይዛል።

የእኛ ሰው የረጋ ነጭ ማር ያውቃል፣ ይወዳልም። ያስደነገጠው ዓይኑ እያየ መልኩን የለወጠው ነው። ከፒያሳ ባለሱቃችን ሀጂ ደወሉልኝ። አንዲት ደንበኛ ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀምጣ "ሀጂ፣ ይኼ ስኳር ነው" አለቻቸው። ሀጂም "ልጄ፣ እሱስ ምንም አይደለም፤ ቀጥላ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? 'በርበሬውስ?' አለችኝ" አሉኝ። ስጋቴ በአንድ ቃል ተጠቃሎ መጣ። የማሩ ብልቃጥ መመለሱ የአንድ ብልቃጥ ዋጋ ነው፤ "በርበሬውስ?" ግን የእናቴን ሥራ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

አጎቴ "ንጹሕ ማር ይረጋል" የሚል ጽሑፍ መለያው ላይ ይታተም አለ። አልወደድኩትም። "አይቀላቅሉም" የተባለ ቤት ስለ ራሱ ማስረዳት ከጀመረ ክሱን ራሱ አነሳው ማለት ነው። ማሞቅም ይቻላል፦ ብልቃጡን 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ ብታቆየው ይፈታል። ግን ደሴ ነውና ተመልሶ ይረጋል፣ ሙቀት ሲደጋገም ደግሞ መዓዛውን ይወስደዋል።

ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማሩን አርግተን መሸጥ ጀመርን። ወደ ሃያ ኪሎ ፈሳሽ ማር ላይ ሁለት ኪሎ ያህል፣ ጥራጥሬው ደቅቆ የላመ የረጋ ማር እንደ እርሾ ጨምረን ቀስ ብለን እናማስለዋለን፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ክፍል እንተወዋለን። ሌላ አገር ለዚህ ማቀዝቀዣ ይገዛሉ፤ እኛ የጦሳ ብርድ አለን። በአንድ ሁለት ሳምንት ዳቦ ላይ የሚቀባ፣ ምላስ ላይ የማይሻክር ማር ይሆናል። ሱቅ ሲገባ የረጋ ነው፣ ደንበኛዋ ቤትም የረጋ ነው፤ መልኩን የሚለውጥበት ቀን የለም። ኮምቦልቻ ላይ ብቻ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት እንዲያርቁት እንነግራቸዋለን፣ ይላላልና።

ሁለተኛ፣ ለማሩ የራሱን ስም ሰጠነው። የቤቱ ስም ከጀርባ፣ በትንሽ ፊደል፣ "ያዘጋጀው" ከሚለው ቀጥሎ ተጻፈ። አጎቴ "ታዲያ የስሙ ጥቅም ምኑ ላይ ነው?" ብሎ ተቆጣ፤ እውነትም አለው፣ ሽያጩ ሲጀመር ቀርፋፋ ነበር። የገዛነው ግን ርቀትን ነው። ሎከን እና ጆን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አዲሱ ምርት ከቤቱ የተለመደ ምርት የተለየ መሆኑን አስቀድመው ሲያስቡ፣ ጉድለቱ በነባሩ ስም ላይ ያላቸውን እምነት ብዙ እንደማይነካው አሳይተዋል። የተለየ ስም፣ ነጭ ክዳንና ሌላ መደርደሪያ ያንን ሐሳብ ቀድመው ያስገቡልናል። ሀጂ መጀመሪያ ማሩን ከበርበሬው ጎን ደርድረውት ነበር፤ ነጩ ክዳን ላይ ቀይ የጣት አሻራ ሳይ ነው ቦታውን የለወጥነው። ማሸጊያ ክፍሉንም ከወፍጮው አራቅነው፤ የበርበሬ ብናኝ የማይገባበት የለም፣ ማር እየላሰ የሚያስነጥስ ልጅ ደግሞ ለማንም ስም አይበጅም።

ማሩ ስሙን እየሸረሸረ መሆን አለመሆኑን የማየው በማሩ ሽያጭ አይደለም። ማር የገባባቸውን ሱቆችና ያልገባባቸውን ለይቼ፣ የበርበሬ ትእዛዛቸውን ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ማር ያለባቸው ሱቆች በርበሬ ማዘዝ ከሌሎቹ ተለይተው ካዘገዩ ማሩ ይወጣል፤ ይህን ከአጎቴ ጋር አስቀድመን ተስማምተንበታል። በዓልና ጾም ሁለቱንም እኩል ስለሚያናውጣቸው ንጽጽሩ አይዛባም። ከቁጥሩ የሚቀድም ምልክትም አለ፦ ገዢ በርበሬውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በትና ከታች የሚዘቅጥ ነገር መፈለግ ከጀመረች። ባለሱቆቹን ስለዚህ ብቻ እጠይቃቸዋለሁ። እስካሁን ትእዛዙ አልተለያየም።

ማሩ የማይገኝበት ወር አለ። ያኔ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ባለሱቆች ይናደዳሉ፣ "ከሰብሳቢ ሙሉበት እንጂ" ይላሉ። አንሞላም። ቅቤውንም እንቢ ያልኩት በዚሁ ሚዛን ነው፦ ቅቤ ከቃላችን ጋር ይገጥማል፣ ሰውም የሚጠረጥረው ምርት ነው፣ ግን ከብዙ ገበሬ በቅል በቅል የሚመጣውን እንደ ሰፈፉ ማር ከምንጩ የማይበት መንገድ የለኝም። አጎቴ መንገዱን አገኛለሁ ብሎ አሁን ኩታበር አካባቢ ላም ያላቸውን ሰዎች እያነጋገረ ነው።