ደቅ፣ ጣና፣ ጣና፣ ደቅ

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ለነርሲንግ ተማሪዎች ፋርማኮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒቶች ከሚያወራው ምዕራፍ አብዛኛው ክፍል ምክንያቱ ከተብራራ በራሱ የሚያዝ ነው፤ ተማሪን በየዓመቱ የሚያደናቅፈው ግን ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ነገር ሲሆን፣ እሱም ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን በአንድ ሲሪንጅ የሚቀዳበት ቅደም ተከተል ነው።

ሁለቱ ኢንሱሊኖች ሬጉላር እና ኤን ፒ ኤች ይባላሉ። ሬጉላር እንደ ውሃ የጠራ ሲሆን፣ ከቆዳ ሥር ከተወጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ መሥራት ይጀምራል። ኤን ፒ ኤች ደግሞ ፕሮታሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ የተሠራ ስለሆነ ደፍረስ ያለ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጀምርና ግማሽ ቀን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ታካሚው በአንድ ጊዜ ሁለቴ እንዳይወጋ ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ ቀድቶ መስጠት የተለመደ ነው። ችግሩ መርፌው ከአንዱ ብልቃጥ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባቱ ነው። የደፈረሰውን የነካ መርፌ ወደ ጠራው ብልቃጥ ከገባ ፕሮታሚኑን ይዞ ይገባል፤ ፕሮታሚኑም የሬጉላሩን ከፊል ይይዝና ያዘገየዋል። ያ ብልቃጥ በሚቀጥሉት ቀናት ፈጥኖ ይሠራል ተብሎ ከምግብ በፊት ሲሰጥ የሚጠበቅበትን ያህል አይፈጥንም። ብዙ ከገባበት ብልቃጡ ሲደፈርስ በዓይን ይታያል፤ ጥቂት ከሆነ ግን ላይታይ ይችላል፤ የሚያስፈራውም ይኸኛው ነው።

ስለዚህ ለጠዋት 8 ዩኒት ሬጉላር እና 16 ዩኒት ኤን ፒ ኤች ለታዘዘለት ሰው ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ኤን ፒ ኤቹ በመዳፎች መካከል በቀስታ እየተንከባለለ ይዋሐዳል፤ የሁለቱም የጎማ ክዳን በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ ሲሪንጁ 16 ዩኒት አየር ይስብና ብልቃጡ እንደ ቆመ፣ መርፌው ፈሳሹን ሳይነካ፣ አየሩ ወደ ደፈረሰው ይገባል፤ ፈሳሽ ሳይቀዳም መርፌው ይወጣል። ቀጥሎ 8 ዩኒት አየር ወደ ጠራው ይገባል፤ መርፌው ሳይወጣ ብልቃጡ ይገለበጥና 8 ዩኒት ሬጉላር ይቀዳል። በመጨረሻ መርፌው ወደ ደፈረሰው ተመልሶ የሲሪንጁ መስመር 24 እስኪደርስ ይቀዳል። በዚህ በመጨረሻው ደረጃ መግፊያውን ወደ ውስጥ መጫን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ የተጫነ እንደሆነ በሲሪንጁ ያለው ሬጉላር ወደ ኤን ፒ ኤቹ ይገባልና። መስመሩ 24ን አልፎ 26 ላይ ከቆመም ትርፉን ሁለት ዩኒት መልሶ መግፋት አይቻልም፤ የተቀዳው በሙሉ ተጥሎ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

አራቱ ደረጃዎች እንግዲህ አየር ለደፈረሰው፣ አየር ለጠራው፣ ቅጂ ከጠራው፣ ቅጂ ከደፈረሰው ናቸው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተሠራው ኒሞኒክ የሚባለው የማስታወሻ ዘዴ በሁለቱ መድኃኒቶች የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደሎች፣ ማለትም በኤን፣ አር፣ አር፣ ኤን ላይ የቆመ ነው። ተማሪዎቼ ፊደሎቹን ይሸመድዳሉ፤ ፈተና ላይ ግን አር፣ ኤን፣ ኤን፣ አር ብለው የሚጽፉ አይጠፉም። ይህን አይቼ ነው የአማርኛ ኒሞኒክ ልሥራ ብዬ የተነሣሁት።

የደፈረሰው «ደ»፣ የጠራው «ጠ» ብዬ ያዝኩ። የምፈልገው ቅደም ተከተል ደ፣ ጠ፣ ጠ፣ ደ ነበረ። አንድ ቀን ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ሳሰላስል «ደቅ፣ ጣና፣ ጣና፣ ደቅ» የሚለው መጣልኝ። ጀልባ ከደቅ ደሴት ተነሥቶ ጣናን ይሻገራል፤ ጣናን መልሶ ተሻግሮ ደቅ ይገባል። በሄደበት ባዶውን ነው፣ ማለትም አየር ይዟል፤ ሲመለስ ጭነት አለው፣ ማለትም ኢንሱሊን ይዟል። እውነቱን ለመናገር በራሴ በጣም ተደስቼ ነበር። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ጀልባ ስዬ አስተማርኩት፤ ክፍሉ ሳቀ፣ ወደደውም። ከሁለት ቀን በኋላ በቃል ስጠይቃቸው አራቱን ቃላት የረሳ ሰው አልነበረም።

የተግባር ፈተናው በቀጣዩ ሳምንት ሆነ። ለልምምድ እውነተኛ ኢንሱሊን አናባክንም፤ በሁለት ባዶ ብልቃጦች የጨው ውሃ እንሞላና በአንደኛው ላይ ጥቂት ጠብታ ወተት እንጨምራለን። ወተቱ ኤን ፒ ኤችን ይመስላል፤ ስሕተቱንም ያጋልጣል። አንዲት ጥንቁቅ ተማሪ ቀረበች። ክዳኖቹን በሥርዓት ጠረገች፤ 8 ዩኒት አየር ወደ ጠራው፣ 16 ዩኒት አየር ወደ ደፈረሰው አስገባች፤ ወዲያው የደፈረሰውን ብልቃጥ ገልብጣ 16 ዩኒት ቀዳች። ከዚያም ያንኑ መርፌ ወደ ጠራው ብልቃጥ ስትከት መግፊያው በአውራ ጣቷ ትንሽ ተነካና ከመርፌው ጫፍ ቀጭን ነጭ ክር ወጥታ በጠራው ፈሳሽ ውስጥ እየተጠማዘዘች ስትሰራጭ ሁለታችንም አየናት። ተማሪዋ ቀና ብላ አየችኝና፣ «መምህር፣ ጣና፣ ደቅ፣ ደቅ፣ ጣና አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ያን ቀን ስድስት ተማሪዎች ሁለቱን ብልቃጦች አገላብጠው ሠሩ። ስሕተቱ የእነሱ ቢሆን ኖሮ በስድስት የተለያየ መንገድ በተሳሳቱ ነበር፤ ሁሉም ግን የተሳሳቱት በአንድ መንገድ ስለሆነ ጥፋቱን እኔ ዘንድ መፈለግ ነበረብኝ። ከፈተናው በኋላ አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ነውና፣ «ጀልባ የሚነሣው እኮ ከዚህ ከወደቡ ነው፤ ደቅ ደርሶ ነው የሚመለሰው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለባሕር ዳር ሰው ጉዞ የሚጀመረው ከጣና ዳር ነው፤ ደቅ መድረሻ እንጂ መነሻ አይደለም። ያሳቀኝ ነገር፣ ከክፍሉ ሳትደናገር በትክክል የሠራችው አንዲት የደቅ ተወላጅ ነበረች፤ ለእሷ ጀልባው የሚነሣው ከቤቷ ነው።

ሌላዋ ያነሣችው ምክንያት ደግሞ የባሰ ነበር። «መምህር፣ ጣና እኮ ድፍርስ ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ» አለች። ይህን እንዴት ሳላስብ ቀረሁ? ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ በክረምት ከየማሳው የጠረጉትን አፈር ይዘው ሲገቡ ሐይቁ ምን እንደሚመስል በየዓመቱ አያለሁ። እኔ የ«ጠ»ን ፊደል ስፈልግ ጣናን ለጠራው ብልቃጥ ሰጠሁት፤ ተማሪዋ ግን በዓይነ ሕሊናዋ የምታየው ፊደሉን ሳይሆን ቡናማውን ውሃ ነበር። ሥዕሉና ፊደሉ ሲጣሉ ደግሞ እጅ የሚታዘዘው ለሥዕሉ ነው።

ከሁለቱም በላይ ያስጨነቀኝ ግን ቅርጹ ነበር። ደ፣ ጠ፣ ጠ፣ ደ ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ ነው፤ ሁለቱን ቃላት ብትለዋውጣቸውም የተሟላ ጉዞ ይሆናል እንጂ ጆሮ «ይሄማ ልክ አይደለም» ብሎ አይቆጣም። የእንግሊዝኛው ፊደላትም ችግር ይኸው ነበር፤ እኔ ያንኑ ድክመት በጀልባ አሳፍሬ አመጣሁት።

መፍትሔውን ያገኙልኝ የተግባር መለማመጃ ክፍሉን የሚጠብቁት እናት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ብልቃጦቹን እያጠቡ ስንነጋገር ሰምተው፣ «ምን የሚያስቸግር ነገር አለው፣ መምህር? ድፍድፍ የነካ ጣሳ ወደ ጥልል ጋን ይገባል እንዴ?» አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ። ጥልል የጠራው ጠላ ነው፤ ድፍድፍ ደግሞ ገና ያልተጠለለው ወፍራሙ ነው። ፊደሎቹ እንኳ ጠ እና ደ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ድፍድፍ የያዘ ጣሳ ወደ ጥልሉ ሲገባ ቢያይ ሳያስበው ይጮኻል። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ጩኸት ነበር።

አዲሱን ኒሞኒክ እንዲህ አደረግሁት፦ «ድፍድፉን ክፈት፣ ጥልሉን ክፈት፤ ጥልሉን ቅዳ፣ ድፍድፉን ቅዳ።» መክፈት አየር ማስገባት ነው፤ አየር ካልገባ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ግፊት እየቀነሰ ፈሳሹ አልቀዳ ይላልና። በዚህ ጊዜ ግን ግጥሙን ብቻ ሰጥቼ አላለፍኩም፤ ድፍድፉ ለምን ቀድሞ እንደሚከፈትም ነገርኳቸው፤ ይህን የጠላው ምሳሌ ብቻውን አይነግራቸውምና። ጥልሉ አንዴ ሲሪንጁ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ድፍድፉ አየር ልስጥ ቢሉ የሚገባው ሬጉላሩ ነው፤ ስለዚህ የድፍድፉ አየር አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ጥልሉ ሁለተኛ ሆኖ ሲከፈት ደግሞ መርፌው እዚያው እንዳለ ስለሚቀዳ ጎማዎቹ አራት ጊዜ መወጋታቸው ቀርቶ ሦስት ጊዜ ብቻ ይሆናል።

በድጋሚው ፈተና ከስድስቱ አምስቱ አልተሳሳቱም። ስድስተኛው የአየሩን ቅደም ተከተል ቢያገላብጥም የቀዳው ግን ከጥልሉ ጀምሮ ነበር፤ ነጥብ ቀነስኩበት እንጂ አልጣልኩትም፤ መርፌው ፈሳሹን እስካልነካ ድረስ የእሱ ስሕተት አንድ ተጨማሪ መውጋት እንጂ የተበላሸ ብልቃጥ አያስከትልምና።

አንድ የቀረኝ ሥጋት ነበር። ግላርጂን የተባለው ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን እንደ ሬጉላር የጠራ ነው፤ ነገር ግን አሲድነት ባለው ፈሳሽ ውስጥ የተዘጋጀ ስለሆነ ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይደባለቅም። «የጠራ ሁሉ ጥልል ነው» ብሎ የሚያስብ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በመጨረሻው የልምምድ ቀን፣ ሳልነግራቸው፣ የግላርጂን መለያ የለጠፍኩበትን ብልቃጥ ከኤን ፒ ኤቹ አጠገብ አስቀመጥኩና ለሁለቱም ማዘዣ ጻፍኩ። መጀመሪያ የቀረበችው ያችው ጥንቁቋ ተማሪ ነበረች። ብልቃጡን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አሳየችው፤ ጽሑፉን አነበበች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያም ሁለተኛ ሲሪንጅ እንድሰጣት እጇን ዘረጋችና፣ «መምህር፣ ይሄ የሌላ ቤት ጋን ነው» አለችኝ።