የዘጠና ቀን ወለድ

የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርስ ረዳት መምህር ሆኜ በጀመርኩበት ዓመት ሦስተኛውን አሳይመንት የማረም ሥራ ደረሰኝ። የመልስ ቁልፉ ከቀደሙት ዓመታት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ አየት አደረግሁትና ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ወደ እርማቱ ገባሁ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ዛሬ በስፖት ገበያ አንድ ዩሮ 1.1000 ዶላር ነው። ከ90 ቀን በኋላ ለሚደረግ ልውውጥ ዛሬ የሚፈረመው የፎርዋርድ ውል ደግሞ 1.1080 ነው። የዶላር ወለድ በዓመት 5 በመቶ፣ የዩሮ 3 በመቶ። የዋጋ ንረቱ በዶላሩ አገር 4 በመቶ፣ በዩሮው በኩል 2 በመቶ። «ሀ» ላይ ያለ ሥጋት የሚገኝ ትርፍ ካለ በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ አሳዩ ይላል። «ለ» ላይ የምንዛሪ ተመን የሁለቱን አገሮች የዋጋ ንረት ልዩነት ይከተላል በሚለው በመግዛት አቅም እኩልነት መሠረት ዩሮ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንት ዶላር እንደሚሆን ገምቱ ይላል።

ቁልፉ ለ«ሀ» የሰጠው ትክክለኛ ፎርዋርድ 1.1214 ነው። ገበያው ያቀረበው 1.1080 ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ዩሮ በፎርዋርድ ረክሷል፤ ዩሮ ተበደሩ፣ ወደ ዶላር ቀይሩ፣ ዶላሩን አስቀምጡ፣ በፎርዋርድ ዩሮ መልሳችሁ ግዙ ይላል። ለ«ለ» የሰጠው መልስ 1.1216 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው ልቤ አረፈ። በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሄደን አንድ ቦታ ከደረስን ምን ስህተት ይኖራል ብዬ ነበር።

ወረቀቶቹን በመለስኩ ማግስት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። «ሀ» ላይ ዜሮ ሰጥቻታለሁ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን እርስዎ ትክክል ባሉት አቅጣጫ ሄጄ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ስከተለው ኪሳራ ላይ ወደቅሁ» አለችኝ።

«እስቲ አሳዪኝ» አልኳት።

ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መጀመሪያ የሠራችው የእኔን፣ ማለትም የቁልፉን መንገድ ነበር። 1,000,000 ዩሮ ተበደረች። በ1.1000 ቀየረችና 1,100,000 ዶላር አገኘች። ያንን ለ90 ቀን ስታስቀምጠው 1,113,750 ዶላር ሆነ። በ1.1080 ወደ ዩሮ ሲመለስ 1,005,190 ገደማ ነው። ዕዳዋ ግን ከነወለዱ 1,007,500 ዩሮ ደርሷል። ወደ 2,310 ዩሮ ጎደላት።

ዓይኔ 1,113,750 ላይ ቆመ። በቁልፉ ላይ ያ ቁጥር 1,155,000 ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ቁልፉን የሠራው ሰው 5 በመቶውንም 3 በመቶውንም እንዳለ አስገብቷቸዋል። ውሉ የሦስት ወር፣ ወለዱ የሙሉ ዓመት። የዶላርና የዩሮ የአጭር ጊዜ ወለድ የሚሰላው ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ ስለሆነ ቀመሩ መሆን የነበረበት እንዲህ ነው፦

```
F = S × (1 + 0.05 × 90/360) / (1 + 0.03 × 90/360)
  = 1.1000 × 1.0125 / 1.0075
  = 1.1055
```

ስህተቱ የአሃዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ነጥብ ቀንሰን እናልፈው ነበር። ነገር ግን 1.1080 ከ1.1214 ያንሳል፣ ከ1.1055 ደግሞ ይበልጣል። መካከል ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቀናቱን መርሳት አቅጣጫውን ራሱ ገልብጦታል። ዩሮ በፎርዋርድ አልረከሰም፤ ተወድዷል።

ተማሪዋ በሁለተኛው ገጽ የሠራችው ትክክለኛውን ነው። 1,100,000 ዶላር ተበድራ 1,000,000 ዩሮ ገዛች። ለ90 ቀን አስቀምጣ 1,007,500 ዩሮ ሆነላት። ያንን ገና ከመነሻው በ1.1080 በፎርዋርድ ሸጣዋለች፤ 1,116,310 ዶላር ይገባታል። ዕዳዋ 1,113,750 ነው። ትርፉ 2,560 ዶላር። አራቱም ተመኖች ዛሬ ስለሚታወቁ በሦስት ወር ውስጥ ዩሮ ወጣ ወረደ ለእሷ ለውጥ የለውም። እንዲህ ያለው የወለድ ንግድ «የተሸፈነ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ቁልፉ ያወጣው ትርፍ ወደ 12,400 ዩሮ ነበር። በአንድ ሚሊዮን ላይ፣ በሦስት ወር፣ ያለ ምንም ሥጋት። ቁልፉን በእጄ ስይዝ ይህን ቁጥር ብቻ ቆም ብዬ ባየው ኖሮ መጠርጠር ነበረብኝ።

ታዲያ ያ ልቤን ያሳረፈው መመሳሰልስ ከየት መጣ? ማታ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። የወለዱ ልዩነት 2 ነጥብ ነው፤ የዋጋ ንረቱ ልዩነትም 2 ነጥብ። የዋጋ ንረቱን ስንቀንስ በሁለቱም ገንዘብ የሚቀረው ወለድ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቁጥሮቹ እንዲህ ከተሰጡ ከወለድ የሚወጣው የአንድ ዓመት ፎርዋርድና ከዋጋ ንረት የሚወጣው የአንድ ዓመት ግምት መቀራረባቸው የግድ ነው። 1.1214 የተሳሳተ ሒሳብ አልነበረም። ያልተጠየቀ የአንድ ዓመት ፎርዋርድ ነበር። አንዱ ሌላውን ያረጋገጠ የመሰለኝ ጥያቄው ራሱ አስቀድሞ ስላመሳሰላቸው ነው።

ሁለቱ ነገሮች ባሕርያቸውም ለየቅል ነው። ፎርዋርዱ ከወለዱ ጋር ካልገጠመ ወዲያው ገንዘብ የሚያገኝበት ሰው አለ፤ እሱ ሲገዛና ሲሸጥ ክፍተቱ ይጠባል። የመግዛት አቅም እኩልነት ግን ከኋላው እንዲህ የሚይዘው ውል የለውም። ዕቃ ማጓጓዝ ወጪ አለው፣ ፀጉር መቆረጥን የመሰለ አገልግሎት ድንበር አይሻገርም። ተመኑ ከእኩልነቱ ሲርቅ የርቀቱ ግማሽ እስኪጠብ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት እንደሚወስድ በብዙ ጥናቶች ተገምቷል። «ለ» ላይ የሚጻፈው 1.1216 የረጅም ጊዜ ዝንባሌ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ማንም በእሱ ሊዋዋል አይችልም። ከተማሪዎቹ አምስት ስድስት የሚሆኑት የዋጋ ንረቱን ወስደው «ሀ» ላይ ፎርዋርድ አስልተውበት አገኘሁ። እነሱን የማስረዳት ዕዳ አሁንም የእኔ ነበር።

ተማሪዋ ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ይህ 2,560 ዶላር በእውነተኛው ገበያ ይገኛል?»

የነገርኳት ይህን ነው። ጥያቄው ተበዳሪና አስቀማጭ አንድ ዓይነት ወለድ እንዳላቸው፣ መግዣና መሸጫም አንድ ዋጋ እንደሆነ አድርጎ ነው የተጻፈው። ትርፉ በዓመት ሲሰላ 0.93 በመቶ ገደማ ነው። በተረጋጋ ጊዜ ገበያው በዶላርና በዩሮ መካከል ይህን ያህል ክፍተት አይተውም። ነገር ግን ከ2008 የገንዘብ ቀውስ ወዲህ አነስ ያለ ክፍተት፣ ያውም በዚሁ በእሷ አቅጣጫ፣ ለዓመታት ሳይዘጋ ቆይቷል። ዶላር የቸገራቸው ባንኮች ዩሮአቸውን በስፖት ሰጥተው በፎርዋርድ መልሰው ለመግዛት ተጨማሪ ይከፍላሉ። ክፍተቱን መዝጋት የሚችሉት ትልልቅ ባንኮች ደግሞ ለዚህ ሥራ ሲበደሩ የሒሳብ መዝገባቸው ያብጣል፤ ለዚያም ካፒታል ማስቀመጥ አለባቸው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ትርፍ ሁሉ ለእነሱ ትርፍ አይደለም።

በማግስቱ ለዋናው የኮርሱ መምህር ነገርኳቸው። ወረቀቶቹን በሙሉ ሰብስቤ «ሀ»ን እንደገና አረምኩ። በቁልፉ አቅጣጫ ሄደው ሙሉ ነጥብ ያገኙት ላይ ግን አልቀነስንም፤ ያሳሳትናቸው እኛ ነን አሉ መምህሩ። በቀጣዩ ዓመት «ሀ»ን ስጽፍ ትክክለኛውን ፎርዋርድ መጠየቅ ትቼ ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ጠየቅሁ፤ አንዱ ዛሬ የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ፣ ሌላው በ90ኛው ቀን። የዋጋ ንረቱንም «ለ» ላይ 4 እና 1 በመቶ አደረግሁት።