ፍንጭቷ ተመራቂ፣ ባለ ንቅሳቷ እናትና እኔ፦ አንድ ፎቶ ሦስት ጊዜ ሠራሁ

አዳማ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ ፎቶሾፕ መማር ከጀመርኩ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ጉርድ ፎቶ፣ ጀርባ መቀየር፣ ብጉር ማጥፋት ለምዶኛል። ጥርስ ማንጣት ግን ቀላል ይመስለኝ ነበር። ቢጫውን ታጠፊያለሽ፣ ትንሽ ታበሪያለሽ፣ አለቀ። እንደዚያ እንዳልሆነ ያሳየኝ አንድ የምርቃት ፎቶ ነው።

ፎቶው ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። ልጅቷ ጥቁር ጋዋን ለብሳለች፣ ፍንጭት ናት፣ ሳቋ ፊቷን ሞልቶታል። እናቷ ነጠላ ተከናንበዋል፣ ድዳቸው ንቅሳት ነው። ወንጂ ነው ያደጉት፤ የፊት ጥርሳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። የተነሱት ውጭ፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «ጥርሳችንን ነጣ አድርጊልን፣ ግን ሰው እንዳይነቃ።» ያቺ «ግን» ናት ሥራው ሁሉ።

የመጀመሪያ ቀን ጥርሶቹን በላሶ ከበብኩና Hue/Saturation ከፈትኩ። Yellows መርጬ Saturation እስከ -100 አወረድኩት። ቢጫው ጠፋ። በቦታው የመጣው ግን ነጭ ሳይሆን ግራጫ ነው። ጋሼ (ፎቶ ቤቱ የሳቸው ነው) ከኋላዬ ቆመው አዩና «ምነው ልጄ፣ አስከሬን አስመሰልሻት እኮ» አሉኝ።

ይህን ለማስተካከል በዚያው መስኮት ከYellows ወደ Master ተመልሼ Lightness +30 አደረግኩ። አሁን ደግሞ ጥርሱ እንደ አምፖል በራ። የባሰው ነገር የልጅቷ ፍንጭት ሊጠፋ ደረሰ። በጥርሶቿ መካከል ያለው ጥቁር ክፍተት አመድ መስሏል፣ ጥርሶቹም ተጋጥመው አንድ ነጭ ጣውላ ሆነዋል። የእናትየው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ላሶዬ ድዳቸውን ነክቶ ስለነበር ንቅሳቱ ደብዝዞ የታጠበ ሰማያዊ ሆኗል።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለማወቅ F8 ተጭኜ Info ከፈትኩና አንድ ጥርስ ላይ አይጡን አቆምኩ። እዚህ ጋ ትንሽ ቁጥር ታገሱኝ። ጥርሱ ሳይነካ ቀዩ R 220፣ አረንጓዴው G 205፣ ሰማያዊው B 160 ነበር። ይህ ቢጫነት ያለው ቀለም ነው፣ ምክንያቱም ሰማያዊው ከሌሎቹ ያንሳል። Saturation ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ፎቶሾፕ ከሦስቱ ትልቁንና ትንሹን ወስዶ መሃላቸው ላይ ያርፋል። የ220 እና የ160 መሃል 190 ነው። ስለዚህ ሦስቱም ወደ 190 ገደማ ይሄዳሉ።

ችግሩ ዓይናችን እንደዚያ አለማየቱ ነው። ዓይናችን ብርሃንን በብዛት ከአረንጓዴው ይቀበላል፣ ቀጥሎ ከቀዩ፤ ሰማያዊው ድርሻው ትንሽ ነው። በዚህ ሂሳብ የመጀመሪያው ጥርስ ብርሃኑ 204 አካባቢ ነበር። ስለዚህ ቢጫውን አጠፋሁ ብዬ ሳስብ ጥርሱን አጨልሜዋለሁ። ግራጫው የመጣው ከዚያ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ዙሪያው ቀይ ከንፈርና ቡናማ ቆዳ ነው። ከሞቀ ቀለም መሃል የተቀመጠ ቀለም አልባ ነገር ለዓይን ሰማያዊ ነገር ያለበት ይመስላል።

Lightness ደግሞ ጥርሱን ብቻ አያበራም፤ ሁሉንም ወደ ነጭ ይጎትታል። በሁለት ጥርስ መካከል ያለው ጥላ 60 ከነበረ በ+30 ወደ 118 ይወጣል። ጥርሱ ራሱ ግን ከ190 ወደ 210 ብቻ ነው የሄደው። ጥላው ከጥርሱ የበለጠ በራ ማለት ነው። ጣውላው የመጣው ከዚህ ነው። ይህን ካየሁ ጀምሮ ለጥርስ Lightness ነክቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ በሌላ ሞኝነት ተበላሸ። ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሥራውን ማታ ጀመርኩ። በጥንቃቄ ሠራሁ፣ ወደድኩት፣ ሴቭ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ስልኬ ላይ ሳየው ጥርሳቸው የበረዶ ሰማያዊ ሆኗል። ለካ ኮምፒውተሩ ላይ Night light በርቶ ኖሯል። ማታ ስክሪኑን ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ እኔ ደግሞ የስክሪኑን ቢጫ ከጥርሱ ላይ ሳጠፋ አመሸሁ። አሁን ቀለም ከመንካቴ በፊት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሦስተኛውን ጠዋት ጀመርኩ፣ ከባዶ። በመጀመሪያ ጥርሱን ተውኩና የእናትየውን ነጠላ አየሁ። ነጠላው ራሱ ቢጫ ነበር! የአመሻሽ ፀሐይ ሁሉንም ነገር ቀብቶታል። ስለዚህ ካሜራ ሮው ውስጥ Temperature ወደ ሰማያዊ ትንሽ ጎተትኩ፣ ነጠላው ፍጹም ነጭ እስኪመስል ሳይሆን የጥጥ ክሬም ቀለሙ ብቻ እስኪተርፍ ድረስ። ከዚያ ጥርሱን ሳይ ቢጫ ያልኩት ግማሹ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ሄዷል። ይህን ሳላደርግ ጥርሱን ብቻ ባነጣ ኖሮ ቢጫ ፊት ላይ ነጭ ጥርስ ተለጥፎ ይታይ ነበር።

ቀጥሎ Hue/Saturation ፎቶውን ሳይነካ ከላዩ በሚቀመጥ አድጀስትመንት ሌየር ከፈትኩ። Yellows ላይ Saturation -40፣ ከዚያ በላይ የለም። ዋናው ነገር ግን የሌየሩን ብሌንድ ሞድ ከ Normal ወደ Color መቀየሬ ነው። Color ቀለሙን ብቻ ይወስድና ብርሃኑን ከታች ካለው ፎቶ እንዳለ ይተወዋል። ያ የ204 ብርሃን አይነካም። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ለምሳሌ ብንወስድ፣ በNormal ቢሆን 220፣ 205፣ 160 የነበረው ወደ 208፣ 199፣ 172 ይወርድ ነበር። በColor ግን 214፣ 205፣ 178 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ነው፣ በዓይን ግን አንዱ ያረጀ፣ ሌላው የታጠበ ጥርስ ይመስላል። ስምንት ወር ስሠራ ይቺን አንዲት ቅንብር ማንም አልነገረኝም። ትንሽ ተናድጃለሁ።

ለማብራት ከላዩ Curves ጨመርኩ። ከመስመሩ 205 አካባቢ ላይ ነጥብ አደረግኩና ወደ 213 ከፍ አደረግኩት። ታች 60 አካባቢ ሌላ ነጥብ አድርጌ ባለበት ቸነከርኩት፣ የጥርስ መካከል ጥላ እንዳይነሳ። ሁለቱን ሌየሮች በCtrl+G አንድ ግሩፕ አድርጌ የትኛው ቦታ እንደሚታይ የሚወስነውን ማስክ ለግሩፑ ሰጠሁ፣ ሁሉም እንዲደበቅ በCtrl+I አጠቆርኩት። ከዚያ በነጭ ብሩሽ ጥርሱን አንድ በአንድ።

ብሩሹ ከአንድ ጥርስ ስፋት ያነሰ ነው፣ ጠርዙ ለስላሳ። ከጥርሱ መሃል እጀምርና ድዱ ጋ ሳልደርስ እቆማለሁ። ጥርስ በተፈጥሮው ድዱ ጋ ሲደርስ ጠቆር፣ ቢጫ ያለ ነው፤ እሱ ሳይነካ ሲተው ነው የተሰራ መሆኑ የማይነቃው። ወደ ጉንጭ የሚገቡት የጎን ጥርሶች ጥላ ውስጥ ስለሆኑ እነሱን በOpacity 40% ብቻ ነካሁ። ሁሉም እኩል ሲነጣ አፍ ውስጥ ጥልቀት ይጠፋል። የልጅቷ ፍንጭት ላይ ብሩሹ ትንሽ አምልጦኝ ነበር፤ X ተጭኜ ወደ ጥቁር ቀየርኩና መለስኩት። ፍንጭቷን ያጠፋሁባት እንደሆነ እናቷ የሚምሩኝ አይመስለኝም። የንቅሳቱ ጠርዝም እንዲሁ ነው፣ 300% አጉልቼ ዞርኩት።

የእናትየው ጥርስ ላይ ግን ነገሩ አላለቀም። ቡናማው ነጠብጣብ ከበፊቱ የበለጠ ጎልቶ ወጣ። ይህ የሚሆነው ነጠብጣቡ ቢጫ ስላልሆነ ነው። Info ላይ 165፣ 125፣ 85 ነው፣ ይህም ወደ ብርቱካን ያዘነበለ ቀለም ነው። Yellows እሱን የሚነካው ከፊል ብቻ ነው። ዙሪያው ነጥቶ እሱ ሲቀር ልዩነቱ ይሰፋል። የYellowsን ክልል ወደ ቀይ ማስፋት ሞክሬ ነበር፤ ያኔ ማስኩ በትንሹ ባመለጠበት ቦታ ሁሉ ከንፈራቸው ገረጣ። ደግሞም ነጠብጣቡ ቀለም ብቻ አይደለም፣ ጨለማም ነው። ቀለሙ ቢጠፋ ግራጫ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ለማያውቅ ልንገር። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ወንጂም በዚህ ይታወቃል። ጥርስ በልጅነት ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ነው የሚበልዘው፤ ካደጉ በኋላ የመጣ አይደለም፣ በመፋቂያም አይለቅም። አንዳንዱ ጥርስ ላይ ደግሞ ኖራ የመሰለ ነጭ ቦታ ይኖራል። እነዚያ ነጮች ላይ Curves ከነካሽ ወዲያው ያበራሉ፣ እኔም ማስኩን እዚያ ላይ ቀንሻለሁ።

ነጠብጣቡን በራሴ ከማጥፋቴ በፊት ደወልኩላቸው። «እማማ፣ ጥርስዎ ላይ ያለውን ቡናማ ላጥፋው ወይስ ልተወው?» አልኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ ሙሉ በሙሉ ካጠፋሽውማ እህቶቼ ማን ናት ይላሉ። ቀነስ አርጊው» አሉኝ። ስለዚህ ባዶ ሌየር ከፍቼ፣ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ጥርስ በAlt ቀለም ወስጄ፣ ብሩሹን Opacity 10% አድርጌ ደጋግሜ በስሱ ቀባሁ። ሲበዛ የጥርሱ ገጽ እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፤ እሱን ሳይ ወደ ኋላ ተመለስኩ። በመጨረሻ የሌየሩን Opacity 50% ላይ አቆምኩት።

ከዚያ ተነስቼ ቡና ጠጣሁ። ለረጅም ሰዓት አንድ ጥርስ ላይ ያፈጠጠ ዓይን መፍረድ አይችልም። ተመልሼ ፎቶውን የስልክ መጠን አሳንሼ አየሁት። መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ወደ ልጅቷ ዓይን ነው እንጂ ወደ አፏ አልነበረም። ጥርሷን ከዓይኗ ነጭ ጋር አስተያየሁ፤ ጥርሷ ከዓይኗ ነጭ በትንሹ ሞቅ ይላል፣ ከሱ አይበራም። Info ላይም R ከB በ30 ገደማ ይበልጣል። እኩል ሆነው ባገኛቸው ወደ ግራጫው እየሄድኩ ነበር ማለት ነው።

ጋሼ ቀርበው አዩና «የነካሽው የቱን ነው?» አሉኝ። ግሩፑን አብርቼ አጥፍቼ አሳየኋቸው። «የእናትየው ትንሽ በዝቷል» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እናትየው ነጠላቸው ስር ጥላ ውስጥ ናቸው፣ ልጅቷ ደግሞ ፀሐይ ላይ። ጥላ ውስጥ ያለ አፍ ፀሐይ ላይ ካለው እኩል ሊነጣ አይችልም። ለእናትየው ማስኩን ወደ 70% አወረድኩ።

ሲታተም ከስክሪኑ ጠቆር ብሎ ወጣ፣ የልጅቷ ጥርስ ላይም ቢጫው ትንሽ ተመልሷል። ስክሪኔ ብርሃኑ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ኖሯል። Curves ላይ የላይኛውን ነጥብ በሦስት ከፍ አድርጌ ትንሽ ወረቀት ላይ ድጋሚ አወጣሁ፣ ከዚያ ነው ትልቁ የታተመው።