ከረጅም ላይቭ አጭር ክሊፕ ማውጣት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰሞኑን ላይቭ ባበቃ በማግስቱ ክሊፖቹን መልቀቅ ጀምሬያለሁ። ድሮ ሳምንት ይፈጅብኝ ስለነበር ደስ ብሎኛል፤ አካሄዴን ላካፍላችሁ።

ስለ ካሜራና መብራት ብዙ አልልም። ዕቅድ የምለው አራት ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ሌላውን ያልሰማ ሰው የሚገባው መሆን አለበት።

ኮሜንት ላይ ስሎው ሞድ አበራለሁ፣ የሚታገዱ ቃላትን ቀድሜ አስገባለሁ፤ የቀረው የሞደሬተሬ ሥራ ነው። አቅራቢው ራሱ ኮሜንት እየተከታተለ ማውራት የለበትም ባይ ነኝ። ዓይኑ ሲሄድ ሐሳቡም ይሄዳል። ሞደሬተሬ ጥሩ ጥሩውን ጥያቄ መርጣ በግል ትልክልኛለች፤ እኔ ከመመለሴ በፊት ሙሉውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። «አዎ፣ ልክ ነህ» ብሎ የሚጀምር መልስ ለክሊፕ አይሆንም፤ ምን እንደተጠየቀ ማን ያውቃል?

ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ጥሩውን ቦታ መልሶ ማግኘት ነው። ሙሉውን ቅጂ እንደገና ማየት አድካሚ ነው። ሞደሬተሬ ስርጭቱ ላይ የምታየውን ደቂቃ ስትጽፍልኝም ከቅጂው ጋር አይገጥምም ነበር። ላይቩና ሪከርዱ እኩል አይጀምሩማ! በዚያ ላይ ስርጭቱ እሷ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

አሁን የምትጽፍልኝ የኮምፒውተሯን ሰዓት ነው። የምቀዳበት ፕሮግራም ኦቢኤስ የቅጂውን ፋይል የሚሰይመው ሪከርዱ በተጀመረበት ቀንና ሰዓት ነው፤ መቀነስ ብቻ ይበቃል። ፋይሉ `2025-03-08 19-58-10.mkv` ቢሆንና እሷ «20:41» ብትጽፍ፣ ቦታው 42 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አካባቢ ነው። እዚያ ሄጄ አንድ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ሰው ማስታወሻ የሚይዘው ጥሩው ነገር ከተባለ በኋላ ነዋ። ከዚያ ጥያቄው የተነበበበትን ቦታ ፈልጌ እዚያው ላይ እቆርጣለሁ፤ ሰላምታም መግቢያም አላስገባም።

ድምፅ ላይ ደግሞ ድርቅ እላለሁ። ሙዚቃና ማይክ አንድ ላይ ከተቀዱ፣ መሃል ላይ አንድ «እእእ» በቆረጣችሁ ቁጥር ሙዚቃው ይዘላል። ኦቢኤስ ውስጥ Output Mode የሚለውን Advanced አድርጉና ማይኩን ብቻውን Track 2 ላይ ቅዱት። Recording የሚለው ውስጥም Track 2 ምልክት ይደረግበት፤ ያለዚያ ፋይሉ ውስጥ አይገባም።

ፎርማቱን MKV አድርጉት። መብራት ቢጠፋ እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። ኤዲት የምታደርጉበት ፕሮግራም ካልከፈተው Remux Recordings በሚለው ወደ MP4 ትቀይሩታላችሁ፤ ጥራቱ አይቀንስም።

ቁመቱ ረጅም የሆነ ክሊፕ ከ1920 በ1080 ቪዲዮ ሲቆረጥ ከወርዱ የሚተርፈው 607 ፒክስል ገደማ ነው፤ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ብቻዬን ስሆን መሃል ላይ እቀመጣለሁ። እንግዳ ሲኖር ሁለታችንን ለየብቻ ቆርጬ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አደርጋለሁ። ይሄ አሁንም ጊዜ ይበላብኛል፤ ፈጠን ያለ ዘዴ ያላችሁ ጻፉልኝ።