ለቦኖው ወረፋ ሠላሳ ሰው ይፈለጋል

ደሴ ውስጥ ለአጭር ፊልም የሰፈር ሰው መጥራት አይከብድም። ሰው ይመጣል። የሚከብደው የመጣውን ሰው እስከ ምሳ ማቆየት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያንኑ ሰው መልሶ ማግኘት ነው። አብዛኛው ነገር የሚወሰነው ካሜራ ከመነሳቱ በፊት፣ ጥሪው ላይ ነው።

ፊልማችን የ12 ደቂቃ ነበር። ታሪኩ ቦኖ ላይ በጀሪካን ወረፋ የሚነሳ ጠብ ነው። ውሃ ጠብቆ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዋናዎቹን ተዋንያን አዘጋጁ ከቲያትር ክበብ አግኝቷል። የጎደለው ወረፋው ራሱ ነው። ሠላሳ የሰፈር ሰው፣ ከነጀሪካኑ፣ በነጻ። እኔ የቀረጻ አስተባባሪ ነበርኩ፤ ሰውና ሰዓት ማገናኘት ነው ሥራዬ።

አዘጋጁ የጻፈው የመጀመሪያ ጥሪ አጭር ነበር። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ቁርስና ምሳ አለ። ነጭ ልብስ ክልክል ነው።» ይዘነው ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄድን። ሰፈር ውስጥ ጥሪ በግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ይልቅ እድር ስብሰባ ላይ ቢነበብ ይሻላል። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሰው አሥር ሰዓት ሙሉ ምን ሊሠራልህ ነው?» አሉት።

ጥያቄው ልክ ነበር። ሠላሳው ሰው አንድ ላይ የሚያስፈልገው ወረፋው ከዳር እስከ ዳር በሚታይበት ሰፊ ምስል ላይ ብቻ ነው። ካሜራው ወደ ጠቡ ሲጠጋ ከጀርባ አሥር ሰው ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ለሚቀረጸው ደግሞ ስድስት። ስለዚህ ሰፊው ምስል መጀመሪያ ይነሳል፣ ከዚያ ሰው በቡድን ይሸኛል። ሠላሳውንም ሙሉ ቀን ያስቀመጠ አዘጋጅ አምስት ሰዓት ላይ ምን እንደሚገጥመው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ይሾልካል። ወረፋው ካሜራ ፊት እያጠረ ይሄዳል። ኋላ ምስሉ ሲገጣጠም አንዷ ሴትዮ አንዴ አለች፣ አንዴ የለችም።

ቀጥሎ ምግቡ መጣ። ቅዳሜ ጾም ስላልነበረ አዘጋጁ ሙክት ሊያሳርድ አስቦ ነበር። የእድሩን ድግስ የሚመሩት እናት ሳቁበት። «ማን ነው የሚያርደው?» አሉ። ደሴ ነው፤ ወረፋው ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቆማል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ሊሆን ነው። «የጾም አድርገው፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ» ብለው ዘጉት። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ድንች አልጫ፣ ጎመን በዘይት። ወጪውም በብዙ ቀነሰ።

እንጀራውን በነፍስ ወከፍ ሁለት አሰብን። ከእኛ ከስምንታችን ጋር 38 ሰው፣ 76 እንጀራ ይሆናል። እኚሁ እናት 95 አዘዙ። ልጅ ያላት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ልጁን ደግሞ ማንም «አንተ አልተጠራህም» አይለውም።

ሰዓቱንና ምሳውን ስናገናኝ ሌላ ነገር ታየን። ወረፋው አራት ተኩል ላይ ያልቃል። ምሳው ስድስት ተኩል ነው የተባለው። ሃያ አራት ሰው ሳይበላ ሊሸኝ ነው፤ ይህን ደግሞ ሰፈር አይረሳም። ምሳውን አምስት ሰዓት አደረግነው። የሚሸኙት ቀድመው ይበላሉ፣ እኛ የቀረጻ ሰዎች መጨረሻ። ከዚያ እስከ ሰባት ሰዓት እረፍት። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል የዙሁር አዛን አለ፤ ያን ሰዓት ድምፅ መቅዳት ስለማይቻል እረፍቱ ምንም አላስቀረብንም። ሰላት ያለበትም ሰግዶ ይመለሳል።

የነጭ ልብሱ ነገር ካሜራማኑ ያመጣው ነው። ነጭ በፀሐይ ላይ ያቃጥላል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። እውነት ነው። ግን እናቶችን ነጠላ አውልቁ ብሎ መጥራት አይሆንም። የካሜራውን ብርሃን መቀነስ የእሱ ሥራ ነው አልነው፤ ቅር እያለው ተስማማ። ጥሪው ላይ የቀረው ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ምስሉ ላይ ይንቀጠቀጣል።

እድሩ ላይ የተነበበው ይህ ነው።

«የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ስለ ቦኖ ወረፋ አጭር ፊልም ልንቀርጽ ነው፤ አብራችሁን እንድትሠሩ እንጠይቃለን። ክፍያ የለውም። የባጃጅ እንሸፍናለን፣ ስማችሁም ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦኖው ጋ እንገናኝ፤ እንደደረሳችሁ ሻይና ዳቦ አለ። የወረፋው ቀረጻ ከ1 ተኩል እስከ 4 ተኩል ነው። ምሳ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ የጾም ምግብ ስለሆነ ሁሉም ይበላል። ከምሳ በኋላ የምንፈልገው ስድስት ሰው ብቻ ነው፤ እነማን እንደሆኑ ዓርብ እንነግራቸዋለን። እነዚህ ስድስቱ የሚቀጥለው ቅዳሜም ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይመጣሉ። ባዶ ጀሪካን ያዙ። የዘወትር ልብሳችሁን ልበሱ፤ ቀጫጭን መስመር ያለው አይሁን። የሚቀጥለው ቅዳሜ የምትመጡ ያንኑ ልብስ ልበሱ። ልጅ የሚሳተፍ ከሆነ ወላጅ ይፈርማል። ፊልሙን መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ።»

ሠላሳ ጠርተን ከአርባ በላይ መጣ። የጥር ብርድ ነው፤ ሻይው ባይኖር ኖሮ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ፀሐይ ፍለጋ ይበተን ነበር። ሰፊው ምስል ሦስት ሰዓት ላይ አለቀ፣ የጠቡ አራት ተኩል ላይ። እንጀራው ደግሞ አራት ብቻ ተረፈ።

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ከስድስቱ አንዱ ጠቡን የሚያበርዱ አባት ናቸው፤ ወረፋው ላይ ነጭ ጺማቸው በደንብ ይታያል። ያን ቅዳሜ የምንቀርጸው የቡና ትዕይንት በታሪኩ ጠቡ በተነሳበት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። አባባ በሰዓታቸው መጡ። ልብሳቸው ያው፣ ጋቢያቸው ያው። ጺማቸው ግን በሂና እንደ እሳት ቀልቷል።

«ለፊልም ላምር ብዬ ነው» አሉ።

ጥሪው ላይ ስለ ልብስ እንጂ ስለ ጺም የሚል ነገር የለም። አዘጋጁ ራሱን ያዘ። ሂና በውሃ አይለቅም። ወረፋውን እንደገና መቅረጽ ደግሞ አርባ ሰው፣ 95 እንጀራ ማለት ነው። አባባ ግራ መጋባታችንን አይተው «አብሽሩ» አሉና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ለምን ተከናነቡ ብሎ አይጠይቅም። ካሜራማኑ ከትከሻቸው ጀርባ ሆኖ ቀረጻቸው፤ አፋቸው ስለማይታይ ንግግራቸውን ለብቻ ቀድተን አስገባነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ጠበኞቹን ሲያስታርቁ ፊታቸውን በቅርብ ማየት ነበረብን፤ አላየነውም።

አሁን የሁለት ቀን ቀረጻ ሲኖር ጥሪው ላይ ይህ ይጨመራል፦ «የመጨረሻው ቀን እስኪያልፍ ጸጉር አትቆረጡ፣ ሹሩባ አትቀይሩ፣ ጺም አትላጩ፣ ሂና አትቀቡ።» በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ሻይው ሲታደል፣ የእያንዳንዱን ሰው ፎቶ ከፊትና ከጎን በስልክ እናነሳለን። ከሁለተኛው ቀረጻ በፊት ባለው ዓርብ አመሻሽ ላይ ደግሞ ለሚመለሱት እንደውላለን። ሰዓቱን ካስታወስን በኋላ የምንጠይቀው ስለ ጸጉርና ስለ ጺም ነው።