የልጄ የጌም አካውንት ሲታገድ የጣለኝ ሰዓት አቆጣጠሩ ነው

የልጄ አካውንት «የማጭበርበሪያ ሶፍትዌር ተጠቅሟል» ተብሎ ሲዘጋ ቀድሜ የሮጥኩት ደረሰኝ ፍለጋ ነበር። ደረሰኝ ግን አካውንቱ የእናንተ መሆኑን ያሳያል እንጂ ልጁ አላጭበረበረም አይልም። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ሁለት ሳምንት አባከንኩ።

ማሰባሰቡ ቀላል ነው። ግዢው በተፈጸመበት ጂሜይል `GPA.` ብላችሁ ፈልጉ፤ የጎግል ፕሌይ የትዕዛዝ ቁጥር በዚህ ይጀምራል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ግዢ ይበቃል፣ ከተጫዋቹ መለያ ቁጥር ጋር። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ካለ ሱቅ በቴሌብር ከፍለን ያስሞላነውን የጌሙን ዳይመንድ ደረሰኝ አልላክሁትም። ደረሰኙ ብር ለአንድ ሰው መላኩን እንጂ ስለ ጌሙ ምንም አያወራም፤ ካልተፈቀደ ሻጭ መግዛት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ይግባኙ እየታየ ገንዘብ ይመለስልኝ አትበሉ፤ በዚያም ሰበብ አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል።

ዋናው ልጁን ሳይቆጡ መጠየቅ ነው። የኔው «አባዬ፣ እሁድ ማታ ሳቢያን ሰፈር በጓደኛዬ ስልክ ገብቼ ነበር» አለኝ። በዚያ ስልክ ላይ ያለው ጌም ከመደብር የወረደ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ በፋይል የተላለፈ፣ የተነካካ ቅጂ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ተገኘ።

ከዚያ በራሴ እጅ አበላሸሁት። ለጌሙ ድርጅት በላክሁት ይግባኝ መስከረም 25ን ወደ ፈረንጅ ቀን ለወጥኩና ሰዓቱን ልጁ እንደነገረኝ 2:30 ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን «በተባለው ሰዓት ከሌላ ስልክ የገባ የለም» የሚል መልስ መጣ። ንዴቴ ገንፍሎ «መዝገባችሁን በደንብ እዩ» ብዬ መለስኩላቸው። መዝገባቸው ግን ትክክል ነበር፤ የኛ ምሽት 2:30 በእነሱ 20:30 ነው። እነሱ የሚያዩት ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት ሊሆን ስለሚችል ሦስት ሰዓት መቀነስ አለበት። በቀጣዩ ደብዳቤ ሁለቱንም ጻፍኩ፦

```
2025-10-05 20:30 (UTC+3)
2025-10-05 17:30 (UTC)
```

ያ ደብዳቤ አጭር ነበር። ወላጅ መሆኔን፣ ልጁ በዚያ ምሽት በሌላ ሰው ስልክ መግባቱን፣ ይህም ደንብ መጣስ መሆኑን እንደምናምን፣ የይለፍ ቃሉን ቀይረን ሌሎቹን ስልኮች ሁሉ እንዳስወጣን ጻፍኩ። ቀደም ሲል የሰጠሁት ሰዓት የተሳሳተ እንደነበርም አመንኩ። «ልጄ በፍጹም አያጭበረብርም» የሚለውን አወጣሁት፤ እንዲህ የማይል ወላጅ የለምና ማንም አያነበውም። የድርጅቱ የይግባኝ መመሪያ ገጽ «ያላችሁን ማስረጃ ሁሉ አያይዙ» ይላል። እኔ ሦስት ምስል ብቻ አያያዝኩ፦ ሁለቱን ግዢዎችና የመለያ ቁጥሩን ገጽ።

በስድስተኛው ቀን ተከፈተ። የዚያ ምሽት ነጥብ ግን ተሰርዟል፤ ልጁ እስካሁን ያኮረፈው በዚህ ነው።