«እዚያ ማዶ በ60 ብር ይቀንሳል» ሲሉኝ

ፍኖተ ሰላም ላይ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «እዚያ ማዶ ከአንተ ይረክሳል» የሚለው ነው። ጤፍና በቆሎ ተወቅቶ ገንዘብ ገበሬው እጅ በሚገባበት በጥር ወር፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት የሚመጡ ደንበኞች ቤታቸውን ሊያለብሱ ሲነሡ፣ ሁሉንም ሱቅ ዞረው ዋጋ ጠይቀው ነው ወደ እኔ የሚገቡት። ይህን ማድረጋቸው ተገቢ ነው፤ የስልሳ ቆርቆሮ ቤት የሚሠራ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ የሚያወጣውን ትልቁን ገንዘብ ይዞ ነው የሚዞረው።

በመጀመሪያው ዓመት ለዚህ ቃል የነበረኝ መልስ ወዲያው መቀነስ ነበር። አንድ ደንበኛ ሌላው ሱቅ በ20 ብር ይቀንሳል ሲለኝ ሳልጠይቅ ሳላጣራ «እሺ፣ እኔም ልቀንስ» አልኩት። ሰውየው ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን አጨፍግጎ «ታዲያ ቀድሞውኑ ለምን በዚህ አልነገርከኝም?» ብሎኝ ወጣ። ያን ዕለት የገባኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያት ሳይሰጥ ቶሎ የወረደ ዋጋ፣ የፊተኛው ዋጋ ሐሰት እንደ ነበረ ለደንበኛው ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላም ዕቃ ብነግረው አያምነኝም ነበር።

ሂሳቡም ቢሆን አያስኬድም። በዚያ ሰሞን 2 ሜትር ርዝመት ያለውን ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ማጓጓዣውን ጨምሮ በ770 ብር አስገብቼ በ820 ብር ነበር የምሸጠው፤ ትርፌ በአንዱ ቆርቆሮ 50 ብር ነው። በዚህ ላይ 20 ብር ብቀንስ 30 ብር ይቀረኛል፤ ከስልሳ ቆርቆሮ አገኝ የነበረውን 3,000 ብር ለማግኘት መቶ ቆርቆሮ መሸጥ አለብኝ ማለት ነው። ከዋጋው ላይ የተነሣው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከትርፉ ላይ ሲታይ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ሌላውን ነጋዴ ማማት ነበር። አንድ ደንበኛ የሌላውን ሱቅ ዋጋ ሲነግረኝ «እሱ የሚሸጠው የማይረባ ዕቃ ነው» አልኩ። ደንበኛው ዝም ብሎ ቆየና ተሰናብቶኝ ሄደ፤ ኋላ እንደሰማሁት ነጋዴው አበልጁ ኖሯል። አበልጅ ባይሆንም እንኳ ቃሌ ዋጋ አልነበረውም፤ ተፎካካሪ ስለ ተፎካካሪው የሚናገረውን ማንም ሰው ከምስክርነት አይቆጥረውም።

መንገዱን ያገኘሁት አንድ አዛውንት ገበሬ በመጡበት ቀን ነው። ለመኖሪያ ቤት ስልሳ፣ ለማድቤትና ለከብት በረት ሃያ ቆርቆሮ ፈልገው ነበር። ዋጋዬን እንደሰሙ፣ «ልጄ፣ እዚያ ማዶ ያለው ሱቅ ይህንኑ ቆርቆሮ በ760 ብር ነው የሰጠኝ፤ አንተ 60 ብር ምን ልታደርግበት ነው?» አሉኝ። ከመመለሴ በፊት በአንድ ትንፋሽ ያህል ቆየሁና፣ «አባቴ፣ ስንት ጌጅ ነው አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሠላሳ አምስት ይሁን ሠላሳ ሁለት እንጃ፤ ደግሞስ ሠላሳ አምስት ቢሆን የተሻለ አይደለም እንዴ?»

ይህ ጥያቄ ብዙ ነገር ይገልጣል። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል፤ ባለ 28 በግምት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 30 በግምት 0.3፣ ባለ 32 በግምት 0.25፣ ባለ 35 ደግሞ በግምት 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ይህን የማያውቅ ሰው ትልቁን ቁጥር በትንሽ ዋጋ ሲያገኝ ተጠቀምኩ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ «ሌላው ይረክሳል» የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ የዋጋ ክርክር አለመሆኑን ተረዳሁ፤ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ስም ተጠርተው ሲነጻጸሩ የሚመጣ ነው። ሻጩ ስለ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ደንበኛው ምንን ከምን ጋር እንዳነጻጸረ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ነገር ግን «የእኔ ወፍራም ነው» ብዬ መናገር ብቻውን አይበቃም። ከዚያ በፊት ውፍረት የሚለካ ማይክሮሜትር ገዝቼ ለደንበኞች አሳይ ነበር፤ የረዳኝ ጥቂት ነው። መሣሪያውን አያውቁትም፣ ቁጥሩን የማነበውም እኔ ነኝ፤ በእኔ መሣሪያ እኔው የምናገረው ነገር ለእነርሱ ያው የእኔ ቃል ነው። ሚዛንን ግን የጎጃም ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። እህሉን ሲሸጥ ዐይኑን ሳይነቅል የሚያየው እርሱን ነውና።

ስለዚህ አዛውንቱን እንዲህ አልኳቸው፦ «አባቴ፣ ከዚያ ሱቅ አንድ ቆርቆሮ ገዝተው ይምጡ። ከእኔ ቆርቆሮ ጋር ፊት ለፊታችን ባለው የእህል ሚዛን ላይ እናውጣቸው። ያኛው እኩል ከመዘነ ሁሉንም ከዚያው ይግዙ፤ የገዙትን አንዱን ካልፈለጉት ደግሞ በገዙበት በ760 ብር እኔ እወስድልዎታለሁ።» ለእኔ ከባዱ ይህን መናገር ነበር፤ ደንበኛውን በራሴ እጅ ወደ ሌላው ሱቅ መላኬ ነውና። አዛውንቱ ግን ሄደው ከልጃቸው ጋር ቆርቆሮውን ተሸክመው ተመለሱ።

ከሚዛኑ በፊት ሁለቱን ቆርቆሮዎች መሬት ላይ አንዱን በሌላው ላይ ደርበን ርዝመታቸውንና ስፋታቸውን አስተያየን። ይህ መዘለል የለበትም፤ አጠር ያለ ቆርቆሮ ክብደቱ ቢያንስ ምክንያቱ መሳሳቱ ላይሆን ይችላል፣ እርጥብ ወይም ጭቃ የነካው ከሆነም ሚዛኑ ያሳስታል። ርዝመታቸውም ስፋታቸውም እኩል ነበር። እህል ነጋዴው እያንዳንዱን በገመድ አስሮ ሰቀለው፤ የእኔ 3.9 ኪሎ፣ ያኛው 3.4 ኪሎ መዘነ። ከዚያ በኋላ ያሰላሁት ሂሳብ አዛውንቱን ብቻ ሳይሆን እኔንም አስደነቀኝ፦ 820 ብር ለ3.9 ኪሎ ሲካፈል አንዱ ኪሎ 210 ብር ይመጣል፤ 760 ብር ለ3.4 ኪሎ ሲካፈል ግን ከ223 ብር በላይ ነው። በቆርቆሮ ሲቆጠር የረከሰው በኪሎ ሲመዘን ተወደደ።

አዛውንቱ ሚዛኑን ራሳቸው አንድ ጊዜ ደግመው አስመዘኑ። ከዚያም «እና ይህ ግማሽ ኪሎ በቤቴ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ልዩነትን ማሳየት አንድ ነገር ሲሆን፣ ልዩነቱ ለገዢው ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። ሳሳ ያለው ቆርቆሮ፣ ጣሪያውን የሚመታው ሠራተኛ ሲረግጠው እንደሚጎደጎድ፣ ጎድጓዳው ላይ ውኃ እንደሚቋጥርና ዝገት ከዚያ እንደሚጀምር፣ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ በሚስማሩ ዙሪያ ያለው ቀዳዳ እየሰፋ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። የሚዛኑንም ወሰን አልደበቅኋቸውም፦ ሚዛን የሚናገረው ስለ ብረቱ ብዛት ነው፤ ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ቅብ ምን ያህል እንደሆነ ለብቻው አያሳይም። ስለዚህ የሁለቱንም ቆርቆሮ ገጽ በብርሃን አየን፤ እርጥበት ያገኘው ክምር ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር በአንዱም ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቁትን ነገር ነገርኳቸው። ለመኖሪያ ቤቱ ወፍራሙን ቢወስዱ እንደሚሻል፣ ለማድቤቱና ለበረቱ ግን የዚያኛው ሱቅ ሳሳ ያለ ቆርቆሮ እንደሚበቃቸው፣ ማድቤቱ ዝቅ ያለና ማንም የማይወጣበት በመሆኑ በሃያው ላይ 1,200 ብር ማትረፍ እንደሚችሉ አስረዳኋቸው። የሃያ ቆርቆሮ ሽያጭ አመለጠኝ። ይህን የተናገርኩት እውነት ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን ስለ ስልሳው የተናገርኩት ሁሉ ያን ጊዜ ክብደት እንዳገኘ ከፊታቸው ላይ አነበብኩ።

ገንዘቡን ሲያወጡም «እንግዲያው ሠላሳ ሠላሳ ብር ተውልኝ» ማለታቸው አልቀረም፤ ገበያ ነውና መከራከር ደንቡ ነው። አሁን ግን ቅናሽን ያለ ምላሽ አልሰጥም። «ሠላሳ አልችልም፤ ሙሉውን ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉና የሚያስፈልገውን የቆርቆሮ ሚስማር ከእኔ ከወሰዱ በአንዱ 10 ብር እተውልዎታለሁ» አልኳቸው፤ ተስማማን። በዚህ መንገድ ዋጋው ለምን እንደ ወረደ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የፊተኛውም ዋጋዬ ሐሰት አልሆነም።

ሚዛኑ ሁልጊዜ ለእኔ የሚፈርድ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት መጋዘን የሚሠራ አንድ ሥራ ተቋራጭ 200 ቆርቆሮ ፈልጎ መጣና ሌላ ነጋዴ በ25 ብር እንደሚቀንስለት ነገረኝ። እንደ ልማዴ አንድ ናሙና አስመጣሁ፤ ርዝመቱ እኩል፣ ሚዛኑም 3.9 ኪሎ ከ3.9 ኪሎ። ያን ጊዜ ምክንያት መፈለግ ነውር ሆኖ ታየኝና «ዕቃው አንድ ነው፤ ከእርሱ ግዛ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ነጋዴው እንዴት በዚያ ዋጋ እንደሚያስገባ አጣራሁ። መልሱ ቀላል ነበር፦ እርሱ ሙሉ መኪና ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲያስጭን፣ እኔ ከሲሚንቶና ከቀለም ጋር እየቀላቀልኩ በጥቂት በጥቂቱ ነበር የማስመጣው፤ በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ የሚወድቀው የጭነት ዋጋ የተለያየው ለዚህ ነው። ከዚያ ጥር ወዲህ ከሁለት ጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ገንዘብ አዋጥተን ሙሉ መኪና እናስጭናለን፤ ዕቃው ሲራገፍም ከየእስሩ አንድ ቆርቆሮ መዝነን ክብደቱን በመዝገቤ ላይ እጽፋለሁ። «እዚያ ማዶ ይረክሳል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምገልጥለት ያንን መዝገብ ነው፤ ቀጥሎም እህል ሚዛኑ ወዳለበት እወስደዋለሁ።